ክፍተት ይጠቁማል፣ ሒሳብ ይፈርዳል፦ መስመር ባልተሰመረበት የሽያጭ ደረሰኝ ላይ ዓምድን ስለ መለየት

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐርቡ ከተማ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ለሥራ ተቋራጭ የሚሰጠውን የሽያጭ ደረሰኝ በምሳሌነት እንውሰድ። ደረሰኙ ከሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ወጥቶ በነጥብ ማተሚያ የታተመ ነው። የተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ እና ጠቅላላ ዋጋ የሚሉ ስድስት ዓምዶች አሉት፤ በዓምዶቹ መካከል ግን አንድም የተሰመረ መስመር የለም። አንባቢውን የሚመራው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ምሳሌው ለማስረዳት የተቀናበረ ቢሆንም ዓይነቱ በየሒሳብ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ነው።

እንዲህ ያለውን ወረቀት በኮምፒውተር አንብቦ ወደ ሠንጠረዥ የመመለስ ጥያቄ በድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምስል ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል፤ ክፍተቱ የት አለ፣ ስፋቱስ ስንት ነው እየተባለ ይጠየቃል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። ክፍተት ዓምድን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። የቁጥሮች ጠርዝ መገጣጠም ከክፍተት የተሻለ ምስክር ነው፤ እርሱም ግን ይሳሳታል። የመጨረሻው ዳኛ ደረሰኙ በራሱ ላይ የያዘው ሒሳብ መሆን አለበት፤ ሒሳቡ በማይፈርድበት ቦታ ደግሞ ፕሮግራሙ ከመገመት ይልቅ ወረቀቱን ለሰው መመለስ ይገባዋል።

የክፍተት ልክ ለምን አይበቃም

የነጥብ ማተሚያው በአንድ ኢንች አሥር ፊደል የሚያትም ቢሆን እያንዳንዱ የአሃዝ ቦታ 2.54 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቦታዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ብንቆጥር በምሳሌአችን የዕቃው ዓይነት ከ6ኛው ቦታ፣ መለኪያው ከ34ኛው ቦታ ይጀምራሉ። ብዛት በ44ኛው፣ የአንዱ ዋጋ በ56ኛው፣ ጠቅላላ ዋጋ በ68ኛው ቦታ ላይ ያበቃሉ። አራቱ ረድፎች በተራቸው የአርማታ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ሚስማር እና ቆርቆሮ ናቸው። የቁጥሩ ክፍል ከድምሩ ጋር የሚከተለውን ይመስላል።

```
   20    1,450.00   29,000.00
   35    1,800.00   63,000.00
    6      180.00    1,080.00
   40      620.00   24,800.00
                   117,880.00
```

ቁጥሮቹ በቀኝ ጠርዛቸው ስለሚሰለፉ ክፍተቱ ከረድፍ ረድፍ ይለያያል። በአንደኛው ረድፍ በ1,450.00 እና በ29,000.00 መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሦስት ፊደል ያህል ነው፤ በሦስተኛው ረድፍ በ180.00 እና በ1,080.00 መካከል አራት ይሆናል። ገንዘቡ በበዛ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ ዓምዶቹ እርስ በርስ የሚቀራረቡት ትልቅ ገንዘብ በያዘው ረድፍ ላይ፣ ማለትም ስሕተቱ እጅግ በሚጎዳበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን የአንደኛውን ረድፍ የዕቃ ስም እንመልከት። ጸሐፊዋ «የአርማታ ብረት ባለ   12» ብላ በ«ባለ» እና በ«12» መካከል ሦስት ባዶ ቦታ ትታለች። ይህ የአንድ ሰው የመተየብ ልማድ ነው፤ ለሰው አንባቢም ምንም አያሳስትም። ለፕሮግራሙ ግን በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁለት ዓምዶችን ከሚለየው ክፍተት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ሦስት ባዶ ቦታ ዓምድን ይለያል ብንል የብረቱ ውፍረት 12 ራሱን ችሎ የማይኖር ዓምድ ይፈጥራል። ከሦስት የሚበልጥ ብቻ ይለያል ብንል ደግሞ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋው «1,450.00 29,000.00» ተብለው በአንድ ሕዋስ ይጨፈለቃሉ። ሁለቱንም በትክክል የሚለይ ልክ የለም። ችግሩ ልኩን በመለማመጃ ዳታ አሻሽሎ በመምረጥ የሚፈታ አይደለም፤ የሚፈለገው መረጃ በአንዱ ረድፍ ክፍተት ውስጥ ጨርሶ ስለሌለ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መልስ ረድፉን ትቶ ገጹን ከላይ እስከ ታች ማየት ነው። በእያንዳንዱ የቁም ቦታ ላይ ያለው ቀለም ይደመርና ከላይ እስከ ታች ባዶ የሆነው ቦታ የዓምድ ወሰን ይባላል። ቶማስ ኪኒንገር እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው ቲ-ሬክስ የተባለው ዘዴም በተቀራራቢ ሐሳብ፣ ከላይና ከታች በአግድም የሚደራረቡ ቃላትን እያያያዘ ዓምድ ይሠራል። ይህ አካሄድ የ«ባለ   12» ክፍተትን ያልፈዋል፤ ከሥሩ ባሉት ረድፎች ያ ቦታ በሌሎች ቃላት ከተሸፈነ ክፍተቱ ስለሚዘጋ ነው። ነገር ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይወድቃል። ከዕቃዎቹ ሥር «ተጨማሪ እሴት ታክስ 15%» የሚለው መግለጫ ከ36ኛው እስከ 55ኛው ቦታ ተዘርግቶ ቢታተም የመለኪያን፣ የብዛትንና የአንዱን ዋጋ ዓምዶች በአንድ ጊዜ ድልድይ ሆኖ ያገናኛቸዋል። በአራት ረድፎች የተገኘውን ማስረጃ አንድ የግርጌ መስመር ያፈርሰዋል። ስለዚህ የዕቃ ረድፎችን ከግርጌ መስመሮች አስቀድሞ መለየት ግዴታ ነው። በምሳሌአችን የግርጌ መስመር የሚታወቀው የተራ ቁጥር ስለሌለውና የገንዘብ ቁጥር የሚገኝበት በ68ኛው ቦታ በሚያበቃው ዓምድ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጠርዝ የተሻለ ምስክር ነው

ከክፍተቱ ይልቅ ክፍተቱን የፈጠረውን አሰላለፍ ብንጠይቅ ነገሩ ይቀላል። ቁጥሮቹ ቢሰፉም ቢጠቡም የቀኝ ጠርዛቸው አይንቀሳቀስም። በ44፣ በ56 እና በ68ኛው ቦታዎች ላይ አራቱም ረድፎች ይመሰክራሉ፤ የብረቱ 12 ካበቃበት ቦታ ግን አንድ ረድፍ ብቻ ይመሰክራል። ስለዚህ በቁጥር ለተያዙ ዓምዶች የእያንዳንዱን ቁጥር ቀኝ ጠርዝ፣ በቃል ለተያዙት ደግሞ የግራ ጠርዝን ሰብስቦ በቅርበታቸው መቧደን ከክፍተት ልኬት ይበልጣል።

ይህን ለማድረግ የቃላቱ ትክክለኛ ቦታ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ለአማርኛ ደረሰኝ የሚሆን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከፒ.ዲ.ኤፍ. ጽሑፍ የሚያወጣው `pdftotext -layout` የቃላቱን አቀማመጥ በባዶ ቦታ ቁጥር አስመስሎ ያወጣዋል። የግዕዝ ፊደል ግን ከአሃዙና ከላቲኑ ፊደል ብዙ ጊዜ ስለሚሰፋ በረጅም የአማርኛ ስምና በአጭር ስም መካከል የሚቆጠረው የባዶ ቦታ ብዛት ይዛባል፤ ከስሙ በስተቀኝ ያሉት ቁጥሮችም በወረቀቱ ላይ እየተሰለፉ በወጣው ጽሑፍ ላይ ይበታተናሉ። ከዚያ በኋላ ባዶ ቦታ መቁጠር የሌለ ነገርን መለካት ነው። በፒ.ዲ.ኤፍ. ላይ `pdftotext -bbox`፣ በምስል ላይ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ቃል ቦታ በቁጥር ይሰጣሉ።

```
tesseract dereseny.png out -l amh+eng --psm 6 tsv
```

በሚወጣው ፋይል `left` እና `width` ሲደመሩ የቃሉ ቀኝ ጠርዝ ይገኛል። በ300 ነጥብ በኢንች በተነሣ ምስል አንድ የአሃዝ ቦታ 30 ፒክሴል ስለሚሆን ግማሹ፣ ማለትም 15 ፒክሴል፣ ጠርዞችን ለመቧደን የሚመች መነሻ ነው። `--psm 6` የተመረጠው ገጹ እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል እንዲነበብ ነው። ፕሮግራሙ ገጹን በራሱ እንዲከፋፍል ከተተወ ዓምዶቹን እንደ ጋዜጣ ዓምድ እየነጠለ ረድፉን ሊበትነው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምስሉ መቅናት አለበት። በስልክ የተነሣ ወረቀት አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ከመጀመሪያው እስከ 68ኛው ቦታ ባለው 173 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ የረድፉ ቀኝ ጫፍ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ከግራው ጫፍ ይለያል። በአንድ ኢንች ስድስት መስመር በሚያትም ማተሚያ በሁለት ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 4.23 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የሲሚንቶው ጠቅላላ ዋጋ ከሲሚንቶው ይልቅ ለብረቱ ወይም ለሚስማሩ ይቀርባል። ዓምድ ለየን ብለን የምንከራከረው ረድፉ አስቀድሞ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

ጠርዝም ቢሆን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። መደብሩ ያን ቀን የሸጠው ብረት ብቻ ቢሆንና አራቱም ረድፎች «የአርማታ ብረት ባለ» በሚል ተጀምረው በ8፣ በ10፣ በ12 እና በ14 ቢያበቁ የውፍረቱ ቁጥሮች በአንድ ቁመት ይሰለፋሉ። አራት ረድፎች በአንድነት የሐሰት ዓምድ ይመሰክራሉ። ጥንቁቅ ተመልካች ልዩነቱን ያያል፦ 8 ባለ አንድ አሃዝ በመሆኑ የሚገጣጠመው የግራ ጠርዛቸው ነው፤ እውነተኛዎቹ የቁጥር ዓምዶች ግን በቀኝ ይገጣጠማሉ። ነገር ግን ውፍረቶቹ 10፣ 12፣ 14 እና 16 ቢሆኑ ይህም ምልክት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ከአቀማመጥ የሚገኝ ምንም ማስረጃ አይተርፍም።

ሒሳቡ ሲፈርድ

ደረሰኝ ከሌላ ሠንጠረዥ የሚለየው ራሱን የሚፈትሽ ሰነድ በመሆኑ ነው። ብዛት በአንዱ ዋጋ ሲባዛ ጠቅላላ ዋጋን ይሰጣል፤ ጠቅላላ ዋጋዎቹ ሲደመሩ ከግርጌው ድምር ጋር ይስማማሉ፤ በድምሩ ላይ 15 በመቶው ሲታከል የመጨረሻው ተከፋይ ይገኛል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ከተደነገገ ጀምሮ ይህ የመጨረሻ ስሌት በታክስ ከፋዩ ደረሰኝ ላይ የታወቀ ነው። በምሳሌአችን ድምሩ 117,880.00፣ ታክሱ 17,682.00፣ ተከፋዩ 135,562.00 ብር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጠርዝ ቡድኖች ውስጥ የተራ ቁጥሩን፣ የሐሰቱን የውፍረት ዓምድ፣ ብዛቱን፣ የአንዱን ዋጋና ጠቅላላውን ብንቆጥር አምስት ቡድኖች አሉን። ከአምስቱ በግራና ቀኝ ቅደም ተከተላቸው ሦስት ሦስት እየወሰድን «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲባዙ ሦስተኛውን ይሰጣሉን?» ብለን ብንጠይቅ የሚሞከሩት 10 አማራጮች ብቻ ናቸው። በአንደኛው ረድፍ 12 ብዛት ነው ብንል 12 በ1,450.00 ሲባዛ 17,400.00 ይሆናል፤ የታተመው ግን 29,000.00 ነው። 20 ብዛት ነው ስንል 29,000.00 በትክክል ይወጣል። በሲሚንቶው 35 በ1,800.00 ሲባዛ 63,000.00፣ በሚስማሩ 6 በ180.00 ሲባዛ 1,080.00፣ በቆርቆሮው 40 በ620.00 ሲባዛ 24,800.00 ይሆናል። ውፍረቱ በየትኛውም ስሌት ውስጥ ስለማይገባ የስሙ አካል ሆኖ ይቀራል። ክፍተቱም ጠርዙም ያልፈቱትን ማባዛት ፈታው።

የመቻቻል ልክ ግን በማስተዋል መወሰን አለበት። በገበያችን ዋጋው ታክሱን ጨምሮ ከተደራደሩበት በኋላ ለደረሰኙ ሲባል ለ1.15 ይካፈላል። ቆርቆሮው በ700 ብር ተስማምተውበት ቢሆን ኖሮ የአንዱ ዋጋ 608.70 ተብሎ ይታተም ነበር። ይህ በ40 ሲባዛ 24,348.00 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ከ28,000 ብሩ በቀጥታ አካፍሎ የሚያትመው ጠቅላላ ግን 24,347.83 ነው። የ17 ሳንቲሙ ልዩነት የዓምድ ስሕተት አይደለም። የአንዱ ዋጋ የተጠጋጋው እስከ ግማሽ ሳንቲም በመሆኑ በረድፉ ላይ የሚጠበቀው ልዩነት ግማሽ ሳንቲም በብዛቱ ተባዝቶ፣ እዚህ ላይ 20 ሳንቲም፣ ይደርሳል። ለሁሉም ረድፍ አንድ ወጥ ልክ ማስቀመጥ በትልቅ ብዛት ላይ ትክክለኛውን ያስጥላል፤ በትንሽ ብዛት ላይ የተሳሳተውን ያሳልፋል።

ዳኛው የማይደርስበት

ይህ አቋም ገደቡን ካልተናገረ ጎዶሎ ይሆናል። አንደኛ፣ ማባዛት ቅደም ተከተል አያውቅም። 20 በ1,450 እና 1,450 በ20 አንድ ውጤት ስላላቸው የብዛትና የዋጋ ዓምዶች ቢለዋወጡ ስሌቱ አይናገርም። ይህን የሚለየው የዓምዱ አርእስት ወይም የሁለት አሃዝ ሳንቲም መኖር ነው። ሁለተኛ፣ ብዛቱ 1 የሆነ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ደረሰኝ ላይ የተራ ቁጥሩም 1 ስለሆነ የትኛው 1 ብዛት እንደሆነ ስሌቱ ሊያውቅ አይችልም። ሦስተኛ፣ የዕቃው ስም የት አብቅቶ መለኪያው የት እንደሚጀምር በሒሳብ አይፈተሽም፤ እዚያ የግራ ጠርዝና የታወቁ መለኪያዎች ዝርዝር፣ ማለትም ኩንታል፣ ኪሎ፣ ቤርጋ፣ ሊትር የመሳሰሉት፣ ብቻ ይረዳሉ።

አራተኛው ገደብ ከፊደል ንባቡ የሚመጣ ነው። ፕሮግራሙ 1,450.00ን 1,460.00 ብሎ ቢያነብ ዓምዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ረድፉ አይዘጋም። ይህ ግን ዳኛውን ከንቱ አያደርገውም። ሦስቱ ረድፎች ዓምዱን አጽንተዋል፤ የጠቅላላ ዋጋዎቹም ድምር ከግርጌው ጋር ስለሚስማማ ጥርጣሬው በብዛቱ ወይም በአንዱ ዋጋ ላይ ብቻ ያርፋል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ቁጥሩን በራሱ ለማረም ይፈተናል። የእኔ አስተያየት ማረም የለበትም የሚል ነው። ደረሰኙ የሒሳብ ማስረጃ ነው፤ መደብሩ ራሱ አሳስቶ አትሞት ከሆነ ስሕተቱን ማየት የሚገባው ሒሳብ ሠራተኛው ነው እንጂ የሚሰውረው ፕሮግራም አያስፈልገውም። ረድፉን ቀለም ቀብቶ ለሰው ማቅረብ ይበቃል።

ጥናቶቻችን ምን ቢዘግቡ

ከዚህ የሚከተለው በድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ላይ ውጤት የሚቀርብበትን መንገድ ይመለከታል። የተለመደው በትክክል የተለዩ ሕዋሳትን ቆጥሮ በመቶኛ ማቅረብ ነው። በምሳሌአችን ስድስት ዓምድና አራት ረድፍ 24 ሕዋሳት ይሆናሉ። በአንደኛው ረድፍ ብቻ 12 ወደ ብዛት ዓምድ ገብቶ 20ን ወደ መለኪያ ቢገፋው የዕቃው ስም፣ መለኪያውና ብዛቱ ይበላሻሉ፤ 21 ሕዋስ ግን ትክክል ነው፤ ውጤቱም 87.5 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ሒሳብ ሠራተኛው የሚያገኘው ግን ብዛቱ የተሳሳተ ብረት ነው። የዕቃ ቤት መዝገቡ በ20 ፈንታ 12 ይላል፤ ጠቅላላ ዋጋው ትክክል ስለሆነም በገንዘብ በኩል ምንም የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። የተጨፈለቀ ሕዋስ ለዓይን ይታያል፤ ተንሸራትቶ በሌላ ዓምድ የተቀመጠ ቁጥር ግን ዝም ብሎ ያልፋል። የሕዋስ መቶኛ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይመዝናቸዋል።

በምትኩ ሦስት ቁጥሮች ቢዘገቡ ይሻላል፦ ከተፈተኑት ደረሰኞች ስንቱ ሙሉ በሙሉ በሒሳብ እንደ ተዘጉ፣ ስንቱ አልዘጋም ተብለው ለሰው እንደ ተመለሱ፣ ከተዘጉትም መካከል በሰው ሲመረመሩ ስንቱ ስሕተት ሆነው እንደ ተገኙ። ሦስተኛው ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል፤ ተጠቃሚው ሳያይ የሚያልፈውን ስሕተት የሚነግረን እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ግማሹን ደረሰኝ ለሰው የሚመልስና በተቀረው የማይሳሳት ፕሮግራም ለሒሳብ ክፍሉ ግማሽ ሥራ ያቀልለታል። ሁሉንም የሚቀበልና የቱ ላይ እንደ ተሳሳተ የማይናገር ፕሮግራም ግን ሁሉንም ዳግመኛ ያስፈትሸዋል፤ ስለዚህ ምንም አላቀለለትም።

የፈተና ዳታውም በዚሁ ዓይን ቢመረጥ መልካም ነው። መስመር የተሰመረባቸውን ወይም ከኮምፒውተር በቀጥታ የወጡ ንጹሕ ሰነዶችን ቀላቅሎ የተገኘ ከፍተኛ ውጤት በነጥብ ማተሚያ ለታተመው የሐርቡ ደረሰኝ ዋስትና አይሆንም። በስሙ ውስጥ ቁጥር ያለበት፣ ረጅም ስም ወደ ሁለተኛ መስመር የወረደበት፣ ብዛቱ 1 የሆነበት እና የግርጌው መግለጫ ዓምዶችን ያቋረጠበት ደረሰኝ ለየብቻ ተቆጥሮ ውጤቱ ለየብቻ ይቅረብ። ያኔ አንባቢው ዘዴው የወደቀው በክፍተቱ፣ በጠርዙ ወይስ በፊደል ንባቡ ላይ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀጣዩ ተመራማሪም ከየት መጀመር እንዳለበት ይረዳል።